ለእንግዳ የተገዛ ሶፋ

እህቴ፣ ትናንት በቪዲዮ ስናወራ እማዬ ከሶፋው ለመነሳት ስትታገል አይቼ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንዴ ሞከረች፣ ተመልሳ ሰመጠች። በመጨረሻ አንቺ እጇን ይዘሽ ጎተትሻት። ያ ሶፋ እኮ እኔ በላክሁት ብር የተገዛ ነው።

አብረውኝ የሚሠሩት የሀበሻ ልጆች ሁሉ እሮሮም ይኸው ነው። ገንዘቡ ከዚህ ይላካል፣ ሳሎኑ ይሞላል፣ ወላጆቻችን ግን በር አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሶፋው ለበዓልና ለለቅሶ እንግዳ ነው፤ በአዘቦቱ ቀን ጨርቅ ለብሶ ይቆያል። በዓመት ሁለቴ ብቅ ለሚል ሰው ስንት ጊዜ ቤት እናሰናዳለን? ታከተኝ።

እኔ እዚህ ሥራዬ አረጋውያንን ማስቀመጥና ማንሳት ነው፤ ስለዚህ በዚህ አንድ ነገር ስሚኝ። ቡፌውም መጋረጃውም ይቆይ፣ መጀመሪያ የእማዬ ወንበር ይሠራ። ሁልጊዜ ቤት ውስጥ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ ትቀመጥና ከወለሉ እስከ ጉልበቷ እጥፋት ለኪ። ባለፈው 43 ሴንቲ ሜትር ብለሽኛል። እንግዲያው መቀመጫው ወደ 47 ይሁንላት፣ እግሯ ግን መሬት መርገጥ አለበት። ቁመቱ የሚለካው እሷ ተቀምጣበት ነው። የአሁኑ ሶፋ ባዶውን 42 ነው፤ ስትቀመጥበት ስፖንጁ 10 ያህል ይሰምጣልና 32 ላይ ናት ማለት ነው። ጉልበቷ ከዳሌዋ በላይ ከወጣ የትኛው ጡንቻዋ ያነሳታል?

ሰው ልብ የማይለው ሌላው ነገር ደግሞ የወንበሩ የፊት ሥር ነው። ሰው ሲነሳ ተረከዙን ወደ ኋላ ሰብስቦ ነው። ሶፋው ከፊት እስከ መሬት በሳንቃ ከተዘጋ እግር መግቢያ ያጣል፣ ጉልበት ብቻውን ይለፋል። ስለዚህ ሥሩ ክፍት ይሁን። ክንድ ማሳረፊያውም እስከ መቀመጫው ጫፍ የሚደርስ ጠንካራ እንጨት ይሁን፣ ተመርኩዛ የምትነሳው በእሱ ነውና። ጥልቀቱን አናጺው 60 ካደረገው ጀርባዋ መደገፊያ አያገኝም፤ እሷ አጭር ናት፣ 45 ይበቃታል።

አናጺው «ሞዴሉ እንዲህ ነው» ቢልሽ እሺ አትበይ። ቀሪውን ክፍያ ከመስጠትሽ በፊት እማዬን ይዘሻት ሂጂ፤ ትንሽ ትቀመጥበትና ማንም ሳይነካት ሦስት ጊዜ ትነሳ። ካቃታት ወንበሩ እዚያው ይቅር፣ ብሩን እኔ እንደገና እልካለሁ።

እስኪሠራ ድረስ በአሁኑ ሶፋ ስፖንጅ ሥር ወፈር ያለ ሳንቃ አስገቢላት፣ መስመጡን ይቀንስላታል። ከፊቷ ያለውን ምንጣፍም ዛሬውኑ አንሺው፤ ስትነሳ ጫፉ ሲጠልፋት በዓይኔ አይቻለሁ።