ሁለት ዐረብኛ በአንድ ስም

ኧረ ለመሆኑ «ዐረብኛ ትችያለሽ?» ሲባል የትኛውን ነው? እዚህ ኩዌት የምንኖር አበሾች በዚህ ነገር ተንገፍግፈናል። ከአገር ቤት የቃላት መጽሐፍ ሸምድዳ የመጣችው ማዳሟ የምትለው አይገባትም። ዓመታት ቤት ውስጥ ሠርታ ዐረብኛ እንደ ውኃ የምትጠጣው ደግሞ የገዛ ውሏን ማንበብ አትችልም። ሁለቱም ሰነፍ ሆነው አይደለም። አንድ ቋንቋ ነው ተብለው መጥተው ሁለት ስለጠበቃቸው ነው።

አንደኛው ፉስሓ ነው። ጋዜጣው፣ ዜናው፣ ሕጉ፣ ውሉ፣ የትምህርት ቤት መጽሐፉ በእርሱ ይጻፋል። ሌላው ዓሚያ ነው፤ የቤት፣ የገበያና የስልክ ወሬ ቋንቋ። የዐረብ ልጅ ከእናቱ የሚሰማው ዓሚያን ነው፤ ፉስሓን በደንብ የሚማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። የእኛ ሰው ግን ከአገሩ ሲነሣ የሚሰጡት መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የፉስሓ ነው።

ልዩነቱ የአነጋገር ለዛ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መጽሐፉ «አሁን መስኮቱን ዝጊ» ለማለት «አግሊቂ አንናፊዘተ አልኣን» ብሎ ያስተምራል። ማዳም ሳሎን ተቀምጣ «ሰክሪ ኢድደሪሻ አልሒን» ትላለች። መዝጋቱም፣ መስኮቱም፣ አሁንም፣ ሦስቱም ሌላ ናቸው። ልጅቷ ግራ ገብቷት ስትቆም «ይቺ ምንም አይገባትም» ይባልባታል። የምታውቀው ቃል እንኳ ድምፁ ተቀይሮ ይመጣባታል፤ በመጽሐፉ «ቀህዋ» የነበረው ቡና እዚህ «ገህዋ» ነው። ዓሚያው ራሱም አንድ አይደለም። ግብፃዊው ሾፌር «ዔሽ» ሲል ዳቦ ማለቱ ነው፤ የባህረ ሰላጤው ሰው «ዔሽ» ሲል ሩዝ ማለቱ ነው። ለሁለቱ የምታበስለው ልጅ ማንን ትስማ?

ወሎ ውስጥ ነህው የቀሩ ወንድሞቻችንስ? ኪታቡን ያለ አንድ ስሕተት ያነባሉ፤ የቃሉን መጨረሻ ከነሰዋስው ሕጉ ይጠብቃሉ። ሱቅ ገብተው «ኡሪዱ ኹብዘን» ሲሉ ግን ባለ ሱቁ ይስቃል። አነጋገራቸው ገበያ መሃል ቆሞ በግእዝ ሽንኩርት እንደ መግዛት ሆኖበት ነው። ዕድሜያቸውን የሰጡለት ዕውቀት መሳቂያ ሲሆን ማየት ያንገበግባል።

ከሁሉ የሚከፋው የወረቀቱ ነገር ነው። ደመወዝ በቤት ቋንቋ «መዓሽ» ነው፤ ይህን ቃል የማታውቅ ሠራተኛ የለችም። ደመወዟ ሲዘገይ ውሉን አውጥታ፣ ፊደል ለይታ ብታነብ እንኳ «መዓሽ» የሚል አታገኝም። እዚያ የተጻፈው «አጅር» ነው። የእኛ ሙስሊም እኅት ደግሞ አጅርን የምታውቀው ከአላህ በሚጠበቅ ምንዳነቱ ነው። አሠሪዋ «አጥጠረፍ አልአወል» ማለትም አንደኛ ወገን፣ እርሷ ሁለተኛ ወገን ሆነው ተጽፈዋል። መብቷ እዚያው ወረቀት ላይ ተቀምጦ እያለ አልፋው ትሄዳለች።

አቤቱታ ልታቀርብ ስትል ደግሞ ጽሑፉ ፉስሓ መሆን አለበት። ለጸሓፊ በዓሚያ ትነግረዋለች፣ እርሱ ወደ ፉስሓ ገልብጦ ይጽፋል፣ እርሷ ትፈርማለች። የሦስት ወር ደመወዝ ያለችው የሁለት ሆኖ ቢጻፍ በምን ታውቃለች? መላው አንድ ነው፤ ከመፈረም በፊት ጽሑፉን መልሶ በዓሚያ እንዲያስረዳት ማድረግ፣ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ በቁጥር እንዲያሳያት መጠየቅ። ግን ይህን ማን ነገራት?

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ቻርልስ ፈርጉሰን በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አንድ ማኅበረሰብ እንዲህ ሁለት ዓይነት ቋንቋ በየቦታው ከፍሎ ሲጠቀም ምን እንደሚመስል ዘርዝሯል፤ ዐረብኛ ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ ነው። የተማረ ዐረብ እንግዳ ሰው «መናገር አስተምረኝ» ሲለው ፉስሓውን ሊያስተምረው እንደሚሞክር፣ ትክክለኛው ያ ብቻ ነው እንደሚል ጽፏል፤ ራሱ ግን ቤቱ ሲገባ በፉስሓ አያወራም። ፈርጉሰን ኋላ ላይ አገራችን መጥቶ በቋንቋዎቻችን ጥናት ላይ ሠርቷል፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ምሁራን እንግዳ ነው አይባልም። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን ሄደ፤ የእኛ ልጆች ግን ዛሬም በዚያው በተሳሳተ በር ይገባሉ።

እባካችሁ፣ መጽሐፍ የምታሳትሙም፣ ከጉዞ በፊት የምታስተምሩም፣ ሁለት ዓምድ አድርጉት። በአንዱ በኩል በጆሮ የሚሰማውን፣ «ደሪሻ»ንና «መዓሽ»ን፣ በሌላው በዓይን የሚታወቀውን፣ «ናፊዛ»ንና «አጅር»ን አስቀምጡ። የውል ቃላት ብዙ አይደሉም፤ ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ የውል ዘመን፣ አንደኛ ወገንና ሁለተኛ ወገን በጽሑፍ ሲታዩ መለየት ትልቅ ነገር ነው። ማዳምን ለመስማት ዓሚያ፣ መብትን ለማንበብ ፉስሓ ያስፈልጋል። ግማሹን ሰጥቶ «ዐረብኛ አስተምረናል» ማለት ግን ይብቃ። ሰልችቶናል።