ፎቶ ለምን አስፈለገ?

«ፎቶዎቹ ቦታ ስለያዙ ከፋይሉ ተነስተዋል፤ ጉዳቱን በጽሑፍ ይግለጹልን» የሚል ስልክ ከመድን ድርጅቱ ሲደወልለት የሚናደድ ሰው አይገባኝም። እንኳን ደስ አለህ ሊባል ሲገባው! ፎቶ ምን ቁም ነገር አለው? የተጨረማመተውን ፓራፋንጎ እንዳለ ያሳያል፣ አለቀ። አይማጸንም፣ አያለቅስም። በጽሑፍ ግን ማንኛችንም ደራሲ ነን።

«ሕግ የማያከብር ሚኒባስ ታክሲ ድንገት ገብቶብኝ መኪናዬን ክፉኛ አወደማት። እኔ በፈጣሪ ቸርነት ተርፌያለሁ። ልጆቼን የማመላልሰው በእሷ ነው።» ምን ይወጣለታል! ገማቹ አንጀቱ ተላውሶ ፕሮፎርማውን ሲያነሳ ግን፣ የሚቀየረው ምን እንደሆነ፣ ባትላሜራ የሚያቃናው የትኛው እንደሆነ አንድም ቃል አያገኝም። «ክፉኛ» የሚባል መለዋወጫ ደግሞ ተክለ ሃይማኖት ቢዞርም አይገኝም።

አንዳንድ ደረቅ ሰው አለ፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ፦ «የፊት ፓራውርቶ በግራ ጥግ፣ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ተሰንጥቋል። የግራ ፓራፋንጎ ከጎማው በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሰማያዊ ቀለም ቀርቶበታል፤ የተላጠው ላሜራ አልዛገም። ኮፈኑ ይዘጋል፣ በግራ በኩል ግን አይገጥምም። ራዲያተሩ አያፈስም። ሲፈታ ሌላ ጉዳት ሊገኝ ይችላል።»

እስቲ ይህ ምን ልብ ይነካል? ከሜትር ጋር የተጋባ ሰው! ጭራሽ ገማቹ ያንን ከፍታ ይዞ የታክሲውን ግጭት ይለካበታል፤ ሰማያዊውን ቀለም ከታክሲው ቀለም ጋር ያስተያያል፤ ዝገት አለመኖሩን አይቶ ጉዳቱ አዲስ ነው ይላል። የእኛ «ክፉኛ» ግን ሰፊ ናት፤ አምና በር ላይ የተፋቀውንም ጠቅልላ ታስገባለች። ገማቹ በሩን አይቶ ዝገቱን በጣቱ የነካ ዕለት፣ እውነተኛውንም ጉዳት መጠራጠር ይጀምራል። ይሄ የእሱ ክፋት ነው እንጂ የኛ ምን ጥፋት አለበት?

ከሁሉም የምወደው ግን የግራና ቀኙን ነገር ነው። በጋራዥ ሕግ ግራና ቀኝ የሚቆጠረው ሾፌሩ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ሲያይ ነው። ይሄ ለሰነፍ የወጣ ሕግ ነው። እኛ ከመኪናዋ ፊት ቆመን፣ ዓይን ለዓይን ተያይተን፣ በቀኛችን የወደቀውን የተሰበረ መብራት «የቀኝ የፊት መብራት» ብለን እንጽፋለን። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ግራ ይላል፤ ጋራዡም ግራ ብሎ ዋጋ ይሰጣል። ድርጅቱ፣ ፎቶ እንደሌለው እያወቀ፣ ሦስቱን ወረቀት ደርድሮ «ይጣራ» ብሎ ይጽፍበትና ያስቀምጠዋል። ባለመኪናው ወር ሙሉ በአንድ መብራት እየነዳ ይመላለሳል። በመጨረሻ በእሱ ደብዳቤ መሠረት ይፈቀድለታል፦ አንድ አዲስ የቀኝ የፊት መብራት።