ከሃዲው ባለሱቅ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ ያለው ባለሱቃችን ጫት አቆማለሁ ብሎ ሰፈሩን በጠበጠው። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ኪሎ ስኳር ስጠይቀው ከፍራሹ ሳይነሳ «ራስህ መዝነህ ውሰድ» ይለኝ የነበረ ሰው፣ ጭራሽ ተነስቶ ሊመዝንልኝ ነው! ይህ ድፍረት ካልሆነ ምን ይባላል?

በርጫን የመሰለ የሥራ ባህል ከየት ይመጣል? መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይዘገያል፣ የአወዳይ ጫት ግን ውሎ ካደረ ኃይሉ ይደክማልና ቀትር ላይ ትኩሱን ከተፍ ይላል። ከዚያ ለውዙ ይቀርባል፣ ምርቃናው ይመጣል፣ ልማቱ ይፋጠናል። በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስንት ነገር ተሠርቷል! መጀመሪያ ሱፐርማርኬት ሆነች። ቀጥሎ ፎቅ ወጣላት። ሊፍቱ በቀኝ ይሁን በግራ ተብሎ ሁለት ጓደኛሞች ተኳረፉ። ጥግ ለሚቀመጡት ጡረተኛ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ተሰጣቸው፤ እሳቸውም ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደ ምድር ቤት እንዲዛወሩ አመለከቱ፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ታየ። የዱባዩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ፓስፖርት እንደሌለው የታወቀው ከተሾመ በኋላ ነው። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ፎቁም አብሮ ይወርዳል፤ በማግስቱ መሠረቱ እንደ አዲስ ይቆፈራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሱቁ ውስጥ ክብሪት የለም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሀብት ጥሎ ነው «በቃኝ» ያለው። የመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ ሐራራው ያዘው። ያዛጋል፣ ሚዛኑ ላይ ያንቀላፋል፣ ለመቶ ብር የሁለት መቶ መልስ ይሰጣል፣ ማስቲካ ሊገዛ የመጣ ሕፃን ላይ ይጮሃል። ሌሊት ደግሞ ዱካክ መጣበት፤ አንድ ነገር ደረቱ ላይ ወጥቶ ትንፋሽ ሲያሳጣው አደረ። የፎቁ ባለድርሻዎች ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ። «አቦ፣ ያለ ቅጠል መልስ መቁጠር እንኳ አቃተህ!» «ሚስትህ ናት የከለከለችህ?» አንዱማ ሱቁ በር ላይ ቆሞ እያላመጠ ዓይን ዓይኑን ያየው ነበር።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ሰውየው ቅጠሉን ስለተወ እንጂ ቅጠሉ ስለሚያስፈልገው አይደለም የሚያዛጋው። ድካሙም ቅዠቱም የመተው ምልክት ነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ ካላሳለፋችሁት ግን እንዴት ይለፍ? እኔ ክብሪት እፈልጋለሁ። ተዉት!

አልተዉትም። ወዳጅነት ነውና በሦስተኛው ቀን አዋጥተው፣ በጥሬ ገንዘብ፣ አንድ እስር ምርጥ ጫት ገዝተው «ለጤናህ ነው» ብለው አመጡለት። እነዚህ ሰዎች የዘይትና የሳሙና ዱቤያቸውን ካለፈው ዓመት ጀምሮ «ነገ» ሲሉ የኖሩ ናቸው። ባለሱቃችን ጫቱን በአክብሮት ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና የዱቤ ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣ።

እስካሁን አልተመለሱም።