በባክቴስት ገንዘብ የማጥፊያ ዘዴ

ገንዘብዎን በትሬዲንግ ሮቦት ለመጨረስ ከፈለጉ የአሜሪካን ትላልቅ ኩባንያዎች የሚከተለውን SPY የተባለውን ፈንድ ይውሰዱ። ሕጉ ቀላል ይሁን፤ የአጭር ቀናት አማካይ ዋጋ ከረጅም ቀናቱ አማካይ በላይ ሲወጣ ይግዙ፣ ከበታቹ ሲወርድ ይሽጡ። ለአጭሩ 20 ዓይነት፣ ለረጅሙ 50 ዓይነት የቀን ቁጥር ይደርድሩ። ከዚያ 1000ውንም ጥምር ከ2010 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ባለው ዋጋ ላይ ሞክረው አንደኛ የወጣውን ይያዙ። ቁጥሩ አንድ ቀን ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ትርፉ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይመኑት፤ ለኪሳራ የሚመቸው እንዲህ ያለው ነው።

ስንት ጥምር እንደሞከሩ የትም አይጻፉ። ሻርፕ ሬሾ የሚባለው መለኪያ ትርፍን ከራሱ ከትርፉ መዋዠቅ ጋር ያነጻጽራል። ምንም የማያውቁ፣ እርስ በርስም የማይገናኙ 1000 ሕጎች በ10 ዓመት ዋጋ ላይ ቢሞከሩ የአንደኛው ዓመታዊ ሻርፕ በዕድል ብቻ ወደ 1 ይደርሳል። የእርስዎ ጥምሮች ስለሚመሳሰሉ የዕድሉ ድርሻ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። የሙከራውን ቁጥር የጻፈ ሰው ይህን አስልቶ ይነቃል።

ሰው «ዎክ ፎርዋርድ ሞክረሃል?» ብሎ ሲጠይቅዎ እሱንም ያድርጉት። ከ2010 እስከ 2012 ባለው ዋጋ ቁጥሮቹን ይምረጡ፣ በ2013 ይፈትኑ፤ ከዚያ መስኮቱን አንድ ዓመት ወደፊት ገፍተው በ2014 ይፈትኑ፤ እንዲህ እያሉ እስከ 2019 ሰባት የፈተና ዓመቶች ያገኛሉ። ዘዴው በትክክል ሲሠራበት ጥሩ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚመዘነው ቁጥሩ ሲመረጥ ባልታየ ዋጋ ነው።

ማበላሻው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ ካላማረዎት የመማሪያውን መስኮት ከሦስት ወደ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም ወደ አራት ይለውጡ፤ ፈተናውን በስድስት ወር ያድርጉት፤ የኪሳራ ማቆሚያ ይጨምሩ። ባማረው ጊዜ ያቁሙ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰባቱ የፈተና ዓመቶች ፈተና መሆናቸው ቀርቷል፤ እርስዎ ራስዎ መልሱን እያዩ መርጠዋልና። ኮምፒውተሩ የወደፊቱን አላየም፤ ያዩት እርስዎ ነዎት። ይህን ስህተት ኮዱ ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም።

ሁለት ምልክቶችን ግን አይመልከቱ። አንደኛው፣ የተመረጠው ቁጥር ከመስኮት መስኮት ከ12 ወደ 47፣ ተመልሶ ወደ 9 መዝለሉ ነው። ሁለተኛው፣ በመማሪያው የታየው ትርፍ በፈተናው ወደ ጥቂት ፍርፋሪ መውረዱ ነው።

ገንዘብዎ እንዲተርፍ ከፈለጉ ግን፣ እባክዎ፣ ከ2020 እስከ 2024 ያለውን ዋጋ ሳይነኩ ያስቀምጡ። መስኮቱን፣ ኮሚሽኑን፣ ሕጉን ሁሉ ወስነው ከጻፉ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይክፈቱት። ከከሰረ ሕጉን ይጣሉት፤ አስተካክለው በዚያው ዋጋ ላይ ዳግም አይሞክሩት።