በጆሮዬ የሚዘንብ ዝናብ

ያደግሁት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር እንኳን የውሻ ጩኸት ከጎኔ የተኛው ወንድሜ ሲጠራኝም አይሰማኝም ነበር። እንቅልፍ እንደዚያን ጊዜ ጣፍጦኝ አያውቅም። አሁን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከራሴ በላይ ኮንክሪት አለ፤ ከኮንክሪቱ በላይ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ወንበር መጎተት የሚወድ ጎረቤት አለ። በመስኮቱ በኩል ደግሞ የሰፈሩ ውሾች ጉባኤ፣ ከውሾቹ ማዶ ቀን ተኝቶ ሌሊት አርማታ የሚሞላ ሕንጻ፣ ከሕንጻው ጎን መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ግሮሰሪ።

አንድ ቀን ዓይኔ ቀልቶ መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። «ለመኝታ የሚሆን ኤርፖድ አለህ?» አልኩት። ልጁ አላመነታም። «ኖይዝ ካንስሊንግ ነው ወንድሜ። ይሄን አድርገህ ቦምብ ቢፈነዳ አትሰማም» አለኝ። ቦምቡን ለመሞከር ስላልተመቸን ቃሉን አምኜ ገዛሁ።

የዚያን ዕለት ሌሊት የተማርኩትን ልንገራችሁ። ኖይዝ ካንስሊንግ የሚባለው ነገር የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በኤርፖዱ ላይ ያለች ትንሽ ማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ትሰማና፣ ኤርፖዱ ተቃራኒውን ሞገድ ሠርቶ በጆሮ ውስጥ ይለቅበታል። ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ጥሩ አድርጎ የሚያጠፋው ግን ሳይለዋወጥ የሚቀጥል ወፍራም ድምፅ ነው፤ የአውሮፕላን ሞተር፣ የአየር ማራገቢያ፣ ጄኔሬተር። ውሻ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ «ዋው!» ብሎ ያበቃል። ድምፁም ቀጠን ያለ ስለሆነ ያመልጠዋል። ስለዚህ የእኔ ኤርፖድ ጄኔሬተሩን በሚያስደንቅ ሁኔታ አጠፋልኝና ውሾቹን ተወልኝ። ቀድሞ ውሾቹ የሚጮኹት ከጄኔሬተሩ ጋር ተቀላቅለው ነበር፤ አሁን ያለ አጃቢ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ብቻቸውን ያዜሙልኝ ጀመር።

በጎኔ ስተኛ ሌላ ነገር መጣ። እንደ ክብሪት እንጨት ወደ ታች የወረደችው የኤርፖዱ እግር በትራሱና በጉንጬ መካከል ገባች። ትራሱ ኤርፖዱን ይገፋል፣ ኤርፖዱ የጆሮዬን ጠርዝ ይገፋል፣ ጆሮዬ የሚገፋው ስላጣ ያመኛል። በጀርባ ለሚተኛ ሰው ይህ ችግር የለም። እኔ ግን ከእናቴ ማኅፀን ጀምሮ በጎኔ ነው የምተኛው።

እንደምንም ከቀኑ አራት ሰዓት ላይ እንደ ተኛሁ... ይቅርታ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፤ እንቅልፍ ማጣት ሰዓት ያምታታል። ብቻ ተኛሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ሴት በጆሮዬ ውስጥ ጮክ ብላ «ባትሪ ሎው!» አለችኝ። ብድግ ብዬ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንክ?» አለች ባለቤቴ።

«አንዲት ሴት አነጋገረችኝ።»

«ማን ናት?»

እስከ ማለዳ ያላለቀ ጥያቄ ነበር። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው፤ ሳጥኑ ላይ «5 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፣ ከአራት ሲነሳ ዘጠኝ ላይ ይደርሳል። እኔ የማነበው «30 ሰዓት» የሚለውን ትልቁን ቁጥር ነበር። እሱ ለካ ማስቀመጫው ውስጥ እየከተቱ ደጋግሞ ቻርጅ በማድረግ የሚገኝ ድምር ነው። ለመኝታ ድምሩ ዋጋ የለውም፤ በዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ጆሮውን ቻርጅ የሚያደርግ ሰው የለም። መጠየቅ ያለበት አንዱ ኤርፖድ ከጆሮ ሳይወጣ ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው። ለስምንት ሰዓት እንቅልፍ ደግሞ አሥር የሚል እፈልጋለሁ፤ ባትሪ ከዓመት ዓመት ይደክማል፣ አምራቾቹም የሚለኩት ድምፁን ቀነስ አድርገው ነው።

ታሪኩን እህቴ ቨርጂኒያ ሆና ሰማች። በመንገደኛ አንድ ነገር ላከችልኝ፤ የራስ ማሰሪያ። ለስለስ ያለ ጨርቅ ነው፤ በውስጡ በግራና በቀኝ እንደ ብስኩት የሳሱ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አሉት፤ ባትሪውና ቁልፎቹ ግንባር ላይ ይውላሉ። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። በጎን ተኛሁ፣ አልጎረበጠኝም። ባትሪውም ቦታ ስላለው ተለቅ ያለ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አደረ። ተገላገልኩ አልኩ።

ችግሩ አማቴ እኛ ጋ መሰንበታቸው ነበር። ጠዋት እንደታሰርኩ ወደ ሳሎን ስወጣ አዩኝ።

«ውይ ልጄ! ራስህን ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ፤ ሙዚቃ ነው።»

«ራስን አስሮ ሙዚቃ! በል ቁጭ በል፣ ምች ነው የመታህ።»

በእኛ አገር ራሱን ያሰረ ሰው አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ዳማከሴው ተጨመቀ፣ በቡና ቀረበልኝ፣ ጠጣሁ። በማግሥቱም ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት «እንዴት አደርክ፣ ተሻለህ?» እያለ መምጣት ሲጀምር ማሰሪያውን ፈታሁት።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ማሰሪያው ድምፅ ያሰማል እንጂ ድምፅ አይከለክልም፤ ጆሮው ክፍት ነው። ውሾቹን ለመሸፈን ድምፁን ከፍ ማድረግ አለብኝ፤ ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ደግሞ ባለቤቴ ከጎኔ ሆና የምሰማውን ትሰማለች። ስገላበጥ ማጉያው ከጆሮዬ ላይ ተንሸራቶ ወደ ማጅራቴ ይሄዳል፤ ማጅራቴ ሙዚቃ ያዳምጣል፣ እኔ ውሻ አዳምጣለሁ። በሞቃት ሌሊት ግንባር ያልባል። መታጠብ አለበት፤ ለመታጠብ ደግሞ ማጉያዎቹን ከነሽቦአቸው ከጨርቁ ኪስ ማውጣትና መልሶ በትክክል ማስገባት ያስፈልጋል። ሽቦው ተጣጥፎ ከገባ አንደኛው ጆሮ ዝም ይላል። ያም ሆኖ አልጥለውም። ሰፈሩ ጸጥ ያለ፣ ጆሮው ውስጥ ምንም ነገር እንዲገባ የማይፈልግና ትረካ እያዳመጠ መተኛት የሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ያ ሰው ባለቤቴ ሆና ተገኘች። ግጥም ይሁን ልብ ወለድ፣ ተራኪው ሁለተኛውን ገጽ ሳይጨርስ ታንኮራፋለች። አሁን አምስተኛ ድምፅ ተጨመረልኝ ማለት ነው።

ሦስተኛው የሞከርኩት ለመኝታ ብቻ ተብሎ የሚሠራው ኤርፖድ ነው። እግር የለውም፤ እንደ ባቄላ ፍሬ ሆኖ ጆሮ ውስጥ ይሰምጣል። ይህን ነገር መሥራት ቀላል እንዳልሆነ የታወቀው ቦዝ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2018 (እንደ ፈረንጆቹ) የመጀመሪያውን ገበያ ላይ ሲያወጣ ነው። ሙዚቃ አያጫውትም ነበር፤ በውስጡ የተጫኑ የዝናብና የማዕበል ዓይነት ድምፆችን ብቻ ነበር የሚያሰማው። በዚያች ጠባብ ቦታ ለ16 ሰዓት ያቆያል የተባለ ከብርና ከዚንክ የተሠራ ባትሪ አስገቡበት። ባትሪው አስቸገረ፤ ኩባንያው በ2019 ሽያጩን አቁሞ ለገዢዎች ገንዘባቸውን መለሰ። በቀጣዩ ዓመት ባትሪውን ቀይሮ ሲመለስ ቃሉ ወደ 10 ሰዓት ወርዶ ነበር። ከዚህ የተማርኩት፣ ትንሽ መሆንና ረጅም መቆየት እንደ ሁለት ጣውንቶች አንድ ቤት ውስጥ ተስማምተው እንደማይኖሩ ነው።

አሁን ያሉት የሚያስታርቁበት ዘዴ አላቸው። ድምፁ ከስልክ በብሉቱዝ ሲመጣ ባትሪ ይበላል፤ ድምፁ ኤርፖዱ ራሱ ውስጥ ተቀምጦ ከዚያ ሲጫወት ግን ይቆጥባል። ለምሳሌ አንከር የሚባለው ኩባንያ ሳውንድኮር ስሊፕ ኤ20 ለሚለው ዕቃው በብሉቱዝ እስከ 10፣ በውስጡ ከተጫነው ድምፅ ደግሞ እስከ 14 ሰዓት ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ትረካ ወይም መዝሙር ከስልክ አዳምጦ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ወደ ውስጥ ድምፅ የሚያልፍ ዓይነት ለእኔ ቢጤ ይስማማል።

ለመግዛት ስሄድ በዚህኛው ተራ አልተሸወድኩም። ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። ኤርፖዱን ጆሮዬ ውስጥ አስገብቼ ማስመሪያውን በጆሮዬ ላይ አጋደምኩት። ማስመሪያው የጆሮዬን ጠርዝ ሳይነካ በፊት ኤርፖዱን ከነካ ትራሱም እንዲሁ ያደርጋል ማለት ነው። ከዚያ መዳፌን እንደ ትራስ ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ ሁለት ደቂቃ ቆየሁ። ሻጩ ጥርሴን ያመመኝ መስሎት አዘነልኝ። አብረው ከሚመጡት ጎማዎች የሚሆነኝን የመረጥኩት በራሴ ድምፅ ነው፤ ልኩ ሲገኝ ስናገር ድምፄ በርሜል ውስጥ ሆኜ የምናገር ያህል ይጎላል። ካልጎላ ጎማው አንሶኛል፣ አየር ያስገባል፣ ውሻም ያስገባል። የግራ ጆሮዬ ትንሹን፣ የቀኙ መካከለኛውን እንደሚፈልጉ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እኩል መስለውኝ ነበር።

የቀረው ድምፁ ነው። ውሻ የሚቀሰቅሰኝ ጩኸቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ከዝምታው ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ነው። ጎማው የውሻውን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ ከሥር የማይቋረጥ ሹሹታ ደግሞ የዝምታውን ወለል ከፍ ያደርጋል። ሁለቱ ሲቀራረቡ «ዋው!» የምትለዋ ትሰጥማለች። ለዚህ ብዙ ድምፅ አያስፈልግም፤ ሰው በክንድ ርቀት ሆኖ ሲያነጋግረኝ ጨርሶ የማልሰማ ከሆነ አብዝቼዋለሁ ማለት ነው። ልጅ ሲያለቅስ፣ በር ሲንኳኳ መስማት አለብኝ። ጆሮ ካሳከከ ወይም ከረጠበም ጥቂት ሌሊት አሳርፈዋለሁ፤ የተደፈነ ጆሮ እርጥበት አይወድም።

የትኛውን ሹሹታ ልምረጥ? መጀመሪያ የጫካ ድምፅ ሞከርኩ። ግማሽ ደቂቃ የሚያህል ቅጂ መልሶ መላልሶ ነበር የሚጫወተው፤ አንዲት ወፍ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ «ጭው» ትላለች። በሦስተኛው ዙር እሷን እየጠበቅሁ እንቅልፍ አጣሁ። ማዕበሉ ሲሄድ ጸጥ፣ ሲመጣ ጩኸት ነው፤ ውሾቹ በጸጥታው በኩል ይገባሉ። ዝርዝሩን ወደ ታች ስወርድ ግን አንድ አገኘሁ፤ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆርቆሮ ነው! አባቴ ሚስማሩን የመታው ቆርቆሮ ነበር ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም።

አንድ ወር እንደ ሕፃን ተኛሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆማ ጠራችኝ። የሳምንቱ ልብስ፣ የልጆቹ ዩኒፎርም፣ የአማቴ ጋቢ ሳይቀር ገመዱ ላይ እንደ ተሰቀለ ውኃ ያንጠባጥባል።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አልሰማህም?» አለችኝ።

«ሰማሁ እንጂ» አልኳት።