ሌሊቱን ጨርሰህ ለማን ልታወራው?

ሻሸመኔ አቦስቶ፣ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ልጅ ሱቅ በር ላይ ቆመን ነው። «ጋሼ፣ እናንተኮ አንድ ክፍል ስትጠብቁ ያረጃችሁ ናችሁ» አለኝ።

«እኛ በሦስት ዓመት ያረጀነውን አንተ በአንድ ሌሊት ጨረስከው። ዓይንህን በመስታወት እየው።»

«ሙሉ ሲዝን እያለ ማን ይጠብቃል? ልብ አንጠልጥለው ሲያቆሙባችሁ አትናደዱም ነበር?»

«እንናደዳለን። ግን አብረን ነው የምንናደደው። አንተ ብቻህን ተደስተህ ብቻህን ትተኛለህ።»

እውነቴን ነው። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ በሳምንት አንድ ክፍል ሲመጣ፣ አስናቀ ቀጥሎ ምን ይሸርባል የሚለው ጥያቄ የአገር ጥያቄ ነበር። ባጃጅ ውስጥ የማናውቀው ሰው ግምቱን ይነግረናል፣ እኛም እናፈርሰዋለን። ደራሲው ክፍሉን ሲዘጋ ሰባት ቀን የሚያከራክር ነገር ማስቀመጥ ነበረበት፤ ማስረጃ ያለው፣ ወደ ኋላ ተመልሰው የሚያስታውሱት፣ ሁለት ወገን የሚይዝ ጥያቄ።

ኔትፍሊክስ በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ «ሃውስ ኦፍ ካርድስ»ን 13ቱንም ክፍል በአንድ ቀን ሲለቅ ይህ ሥራ ተለወጠ። አሁን የክፍሉ መጨረሻ ተመልካቹን ሳምንት ማቆየት አይጠበቅበትም። ቀጣዩ ክፍል በራሱ እስኪጀምር ጣቱን ለጥቂት ሰኮንድ ከሪሞቱ ማራቅ ይበቃዋል። ለዚያ ደግሞ ጥያቄ አያስፈልግም፤ ድንጋጤ ይበቃል። በር ይከፈታል፣ ሽጉጥ ይወጣል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። መልሱ ወዲያው ስለሚመጣ የሚገምት የለም።

ልጁ ግን ዝም የሚል አይደለም። «መኒ ሃይስትስ? በየሳምንቱ ቢሆን ኖሮ ፕሮፌሰሩን ማን ያውቀው ነበር?»

ይህቺ ጥሩ ምት ናት፤ አልክድም። የአሌክስ ፒና ድራማ እ.ኤ.አ. በ2017 በስፔኑ አንቴና 3 በየሳምንቱ ሲታይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ይዞ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ከግማሽ በታች ወርዷል። ዓለም ያወቀው ኔትፍሊክስ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

«እሺ፣ ያየኸው ግን ደራሲው የዘጋውን ክፍል ነው?» አልኩት።

«እንዴት?»

ስፔን ውስጥ 15 ክፍል ነበር፣ እያንዳንዱ ሰባ ደቂቃ ገደማ። ኔትፍሊክስ እንደገና ቆርጦ 22 አጫጭር ክፍል አደረገው። ለአንድ ሳምንት ጥበቃ የተቋጠረው ቋጠሮ ብዙ ጊዜ ክፍል መሀል ገባና ሳይታወቅ አለፈ። መሀል የነበረ ትዕይንት ደግሞ መጨረሻ ሆነ። አጥብቆ ይዞ ያሳደረህ በከፊል የታሪኩ፣ በከፊል የመቀሱ ጉልበት ነው።

ትልቁ ቋጠሮስ የት ሄደ? ወደ ሲዝኑ መጨረሻ ተገፋ። «ስኩዊድ ጌም»ን ተመልከቱ። ሁለተኛው ሲዝን ታኅሣሥ 17፣ 2017 ዓ.ም. ሰባቱም ክፍል አንድ ላይ ወጣ፤ አመፁ ከሽፎ፣ ጓደኛ ተገድሎ፣ ምንም ሳይቋጭ ቆመ። ሦስተኛው የመጣው ሰኔ 20 ነው። ስድስት ወር! ዳይሬክተሩ ሁዋንግ ዶንግ ህዮክ ሁለቱን እንደ አንድ ታሪክ አስቦ እንደጻፋቸው ተናግሯል።

«አየህ» አልኩት፣ «እኛ ሰባት ቀን ጠበቅን ብለህ ሳቅህ፤ አንተ ስድስት ወር ጠበቅክ። እኛ ስንጠብቅ እናወራ ነበር፤ አንተ በሁለት ቀን ጨርሰህ ረሳኸው።»

የሚያንገበግበኝ ወሬው ነው። ዱሮ «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ነበር የምንባባለው። ዛሬ «ስንተኛው ላይ ደረስክ?» ነው። አንዱ ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ አንዱ ስድስተኛው ላይ፣ አንዱ ከነጭራሹ ጨርሷል። የጨረሰው አፉን ይዘጋል፣ ያልጨረሰው «ስፖይል እንዳታደርግብኝ!» ብሎ ጆሮውን ይይዛል። አንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ሰው ተቀምጦ ስለ አንድ ድራማ ማውራት አይቻልም።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?» አለኝ፤ አሁን ድምፁ ለዘብ ብሏል።

ኔትፍሊክስ ራሱ «ስትሬንጀር ቲንግስ»ን ሲያጠናቅቅ የመጨረሻውን ሲዝን እ.ኤ.አ. በ2025 በሦስት ዙር ከፋፍሎ ለቀቀው። እዚያ ቤት እንኳ ሁሉንም በአንዴ መልቀቅ ሕግ አይደለም ማለት ነው።

እዚህ አገር በየሳምንቱ ድራማ የምትሠሩ፣ ዩቲዩብ ላይም የምትጭኑ ወገኖች ሆይ፣ ሙሉ ሲዝን አንዴ ልቀቁ የሚላችሁን አትስሙ። ሳምንቱን ጠብቁልን፤ ክፍሉን የሚያከራክር ጥያቄ ላይ ዝጉት። አንተም ልጄ፣ ለሰፈር ጓደኞችህ የምትጭነውን ሲዝን ሁለት ሁለት ክፍል አድርገህ ስጣቸውና እሁድ እሁድ አንድ ላይ ተጨቃጨቁበት።