ዕንቁ ቆጣሪው

ብዙ ድክመት አለብኝ። ሚስቴ ብትጠየቅ ዝርዝሩን ሳትተነፍስ ታወርደዋለች። ዛሬ የምናዘዘው ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው፦ አሮጌ ነገር ስገዛ አዋቂ መምሰል እወዳለሁ። ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ሰው ጤፍና በርበሬውን ሲሸምት እኔ ጠገራ ብር የያዘ ሰው አጠገብ ቆሜ ጉንጬን እነፋለሁ። ስለ ማርትሬዛ አንድ ሁለት ነገር አንብቤያለሁ፤ ጉድ የሠራችኝም ያቺው ንባብ ናት።

ያነበብኩት ይህን ነው። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ሞተች። ብሯ ግን ሞቷን አልሰማም፤ እዚያው 1780 የሚለው ቁጥር እንዳለበት መመታቱን ቀጠለ። ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ተከተሉ። እንግዲህ አንዱ ጠገራ የቅድመ አያቴ እኩያ፣ ሌላው የአባቴ እኩያ ሆኖ ሁለቱም ላይ የሚነበበው ዓመት አንድ ነው። የእኛ አገር ሰው ዓመቱን ትቶ ምልክት መፈለጉ አይደንቅም። በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ ከምስሏ ሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ያያል፣ የጠርዙን ጽሑፍ በጥፍሩ ይዳስሳል። በ1860 ዓ.ም. የናፒዬር ጦር በዋድላና በደላንታ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲያልፍ ለእህልና ለከብት ይከፍል የነበረው በዚሁ ብር ነበር። ስለዚህ ላስታ ውስጥ ጠገራ ከአንድ ሙዳይ ብቅ ቢል ብርቅ አይደለም።

ያን ቅዳሜ አንዲት እናት ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው አንድ አወጡ። ተቀብዬ አገላበጥኩት። ከንግሥቲቱ ራስ በላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ የብየዳ ጠባሳ አለ። በዚያው ቦታ የጠርዙ ጽሑፍ በሞረድ ተበልቶ ሁለት ሦስት ፊደል ጎድሏል። ጉንጯና ጸጉሯ ልሙጥ ሆኗል። በጀርባው ያለው ንስር የጭራ ላባውም ቤቴ ካለው ጠገራ ላባ ጋር አልገጠመልኝም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ተመሳስሎ የተሠራ ነው» አልኳቸው፤ የጎረቤት ሻጮችም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ምኑ ነው ልጄ?»

«ተበይዷል። ጽሑፉም ጎዶሎ ነው። ላባውም ልክ አይደለም።»

«እናቴ ባንገቷ ታስረው ነበር እኮ። ማንጠልጠያው ወልቆ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማማ።»

ዝም ብለው መልሰው ቋጠሩት። እኔም የተከበርኩ ያህል ተሰምቶኝ ወደሚቀጥለው ሻጭ አለፍኩ። ወጣት ነው፤ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ያውቁበታል» ብሎ ጀመረኝ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ቢሸጥልኝም እገዛው ነበር። ያወጣው ጠገራ ጽሑፉ ሙሉ፣ ጠርዙ ያልተነካ ነው፤ ጎድጓዳው ሁሉ ጠቁሮ አሮጌ ይመስላል። ዕንቁውን ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። ከተሰበረ ሬዲዮ ያወጣኋትን ማግኔት ከኪሴ አውጥቼ አስጠጋሁ፤ አልሳበውም። የላባው ቁጥርም ቤቴ ካለው ጋር አንድ ነው። አንድ ደህና በግ የሚያወጣ ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠሁት፤ ለዋጋው እንኳ አልተከራከርኩም።

ሳምንት ቆይቼ ለመመስገን አንድ አንጥረኛ ዘንድ ወሰድኩት። ለመመርመር አላልኩም፤ ለመመስገን ነው የሄድኩት። ሰውየው አላዩትም ማለት ይቻላል፤ ሚዛናቸው ላይ ጣሉት። 24.1 ግራም። አዲስ ጠገራ 28 ግራም ከትንሽ ፍርፋሪ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ።

«አልቆ ይሆናል» አልኳቸው።

«ምኑ? ፊደሉ ሁሉ እንደቆመ?»

ያላለቀ ነገር አራት ግራም እንዴት ይቀንሳል? ይህን ጥያቄ ገበያ ላይ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ጭምር። ቀጥለው ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ዜሮ አደረጉት። ብሩን በቀጭን ክር አሥረው፣ ብርጭቆውን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አንጠለጠሉት። ሚዛኑ 2.8 አለ። ይህ ብሩ የገፋው ውኃ ነው። 24.1 ለ2.8 ሲካፈል 8.6 ይመጣል። የጠገራ ብር ግን ወደ 10.2 መጠጋት ነበረበት። 8.6 የናስ ወይም ብር መሳይ የሆነው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ጠባይ ነው። ሁለቱንም ማግኔት አይስባቸውም፤ ብርንም አይስብም። ማግኔቴ ብረት አለመሆኑን ነግራኛለች፤ ብር ነው አላለችም።

ከዚያ ሰውየው ከመሳቢያቸው ሌላ ጠገራ አወጡ። ጠባሳው ከራሷ በላይ። አወቅሁት፤ እማማ በክብደቱ ሸጠውላቸዋል። 27.3 ግራም፤ ውኃ ውስጥ 2.7። ሲካፈል 10.1። አፌን ዘጋሁ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳዩኝን ልናገር፤ የከፈልኩበት ትምህርት ነውና። የተለበሰ ብር የሚያልቀው በተራ ነው፦ መጀመሪያ ከሁሉ ከፍ ያለው ይሄዳል፣ ጉንጯ፣ ጸጉሯ፣ ትከሻዋ። ጎድጓዳው ውስጥ፣ በፊደልና በፊደል መካከል፣ መምቻው የተወው ስለታም መስመር ይቀራል። የእማማ ብር እንደዚያ ነበር። የእኔ በቅርጽ የፈሰሰ ነው፤ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም እኩል ደብዝዟል። እኔ ፊደሉ ሙሉ መሆኑን ብቻ አይቼ ጥርት ያለ ነው ብያለሁ። ጥቁረቱንም በጣታቸው ሲያሹት ጥላሸት ሆኖ እጃቸው ላይ ቀረ። ብየዳውስ? ንግሥቲቱ ቀጥ ብላ እንድትታይ ማንጠልጠያ የሚበየደው ልክ ከራሷ በላይ ነው፤ ሲወልቅም ሞረድ የሚያርፈው እዚያው ነው። ማለትም ጠባሳው መሆን ያለበት ቦታ ላይ ነበር። ላባው ደግሞ ከአንዱ ብር መምቻ ቤት ወደ ሌላው ይለያያል። ቤቴ ያለው የአንዱ ልጅ፣ የእማማ የሌላው ነው፤ አስመሳዩ ግን ቅርጹን የወሰደው ቤቴ ካለው ዓይነት ሆኖ ላባችን ገጠመ።

የውኃው ፈተና ሁሉን አይፈታም። አንድ ሰው እውነተኛ ብር አቅልጦ ጠገራ ቢሠራ 10.2 ይሰጣል። የተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ እርሳስ ካለ ክብደቱ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። የትኛው ከተማ እንደመታውም አይናገርም። እንዲህ ሲሆን ወደ ዓይን መመለስ ነው፤ የእኔን ዓይን ማለቴ ግን አይደለም።

«የእማማን ልግዛዎት» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«ሰው አዝዞበታል። ለአንገት መስቀል ይቀልጣል።»

ለሚስቴ እስካሁን አልነገርኳትም። እንግዳ ሲመጣ የእኔን ከመስታወቱ መደርደሪያ አውጥቼ አሳያለሁ፤ በሚዛን የሚመዝን ሰው እንዳይገጥመኝ ብቻ እጠነቀቃለሁ። ዕንቁውን እንዲቆጥሩ እጋብዛቸዋለሁ። ዘጠኝ ናቸው፤ በዚያስ አላፍርም።